ፍጥነቱ የት ነበር? ስለ እንጨት ሰሌዳና ስለ ነጠላ ፊደል ኅትመት የተካሄደ ክርክር

በታሪክ መድረካችን ላይ ሰሞኑን የከፈትሁት ክር ከጠበቅሁት በላይ ረዘመ። መልሶቹ እዚህም እዚያም ስለተበታተኑ፣ ዘግይተው ለሚገቡ አንባቢዎች ሐሳቡን በቅደም ተከተል ላስፍርላቸው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመክፈቻ ጥያቄዬ ይህ ነበር። በየመማሪያ መጽሐፉ የምናነበው ታሪክ አንድ ዓይነት ነው፤ ቻይናውያን ገጹን በእንጨት ላይ ቀርጸው ያትሙ ነበር፣ ጉተንበርግ ደግሞ በ1450ዎቹ ማይንትስ ከተማ ላይ ነጠላ ፊደላትን ከብረት አቅልጦ ሠራና ኅትመት ፈጠነ ይባላል። ነገር ግን ቻይና ውስጥ ለብዙ ዓመታት የኖረውና በ1610 ቤጂንግ ላይ ያረፈው ኢጣሊያዊው ሚሲዮናዊ ማቴዮ ሪቺ ያየውን ሲጽፍ፣ አንድ ጎበዝ አታሚ ከተቀረጸ እንጨት ላይ በቀን እስከ 1500 ቅጠል ያወጣል ይላል። ቀራጩም አንድ ገጽ ለመቅረጽ የሚወስድበት ጊዜ የአውሮፓ ፊደል ለቃሚ አንድ ገጽ ለመደርደርና ለማረም ከሚወስድበት አይበልጥም ብሏል። ይህ እውነት ከሆነ ፍጥነቱ የት ላይ ነበር? ማሽኑ ላይ ካልሆነ ሌላ ቦታ መፈለግ አለብን ማለት ነው።

መልስ 1 የመጣው ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። በትሕትና ሰላምታ ጀምሮ ነገሩ በፊደል ብዛት እንደሚያልቅ አስረዳ። ቻይንኛ በሺህ የሚቆጠሩ ምልክቶች ስላሉት ነጠላ ፊደል መሥራት አያዋጣም፣ ላቲን ግን ከሃያ በጥቂት በሚበልጡ ፊደላት ስለሚጻፍ አንድ ትንሽ ሳጥን ይበቃዋል፣ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው የሚል ሐሳብ ነበረው። ብዙ ሰው የሚያውቀው መልስ ይህ በመሆኑ ወዲያው ድጋፍ አገኘ።

መልስ 2 ላይ ግን ክሩ ሌላ መልክ ያዘ። የጻፉት ጀርመን አገር በጥንታውያን መጻሕፍት ጥገና ላይ የሚሠሩ እኅት ናቸው፤ ከዚህ በኋላ ጠጋኟ እላቸዋለሁ። በመጀመሪያ ሁለቱን ሥራዎች እጅ ሥራቸው ድረስ ወርደው አሳዩን። በቻይና አሠራር ጽሑፉ በጥሩ ጸሐፊ እጅ በስስ ወረቀት ላይ ይገለበጣል። ያ ወረቀት ፊቱ ወደ ታች ሆኖ ከፒር ዛፍ ወይም እንደዚያ ካለ ጠንካራና ልም እንጨት በተላገ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ ጀርባው በጣት ሲታሽ ወረቀቱ እየሳሳ ይሄድና ቀለሙ ብቻ ተገልብጦ እንጨቱ ላይ ይታያል። ቀራጩ ቀለም የሌለበትን ቦታ ሁሉ ፍቆ ያወጣል። ከዚያ ወዲያ ማተሚያ መሣሪያ የሚባል ነገር አያስፈልግም፤ በአንድ ብሩሽ ቀለም መቀባት፣ ወረቀት ማልበስ፣ በሌላ ደረቅ ብሩሽ ጀርባውን መዳሰስ ነው። ቀለሙ ውኃማ፣ ወረቀቱም ስስ ስለሆነ የሚታተመው በአንድ ወገን ብቻ ሲሆን ቅጠሉ ታጥፎ ባዶው ወገን ወደ ውስጥ ይገባል።

ነጠላ ፊደል ግን፣ አሉ ጠጋኟ፣ ጭንቀቱ ሁሉ ከመታተሙ በፊት ነው። የፊደሉ ቅርጽ በብረት ዘንግ ጫፍ ላይ ተገልብጦ ይወጣል፣ ዘንጉ መዳብ ላይ ይመታል፣ በመዳቡ ውስጥ በተፈጠረው ጉድጓድ ላይ በእጅ በሚያዝ ማፍሰሻ አማካኝነት የቀለጠ እርሳስ ከቆርቆሮና ከአንቲሞኒ ጋር ተቀላቅሎ ይፈስሳል። ዋናው ጥበብ ፊደሉን ማስመሰሉ ሳይሆን ሁሉንም በአንድ ቁመት ማውጣቱ ነው፤ አንዷ ፊደል በጸጉር ያህል ከፍ ካለች ወረቀቱን ትበሳለች፣ ዝቅ ካለች ደግሞ አትታይም። ሆኖም ጉተንበርግ ራሱ የተጠቀመበት የማፍሰሻ ዘዴ ከኋለኞቹ አታሚዎች ጋር አንድ መሆኑ ዛሬም ተመራማሪዎችን እንደሚያከራክር አልደበቁም።

ቀጥለው ወደ መልስ 1 ተመለሱ። የጉተንበርግ ሳጥን ሃያ ምናምን ፊደል የያዘ ትንሽ ሳጥን አልነበረም። የጸሐፊዎቹን እጅ ለመምሰል ብሎ አሕጽሮቶችንና የተጣመሩ ፊደላትን ጭምር ስለሠራ፣ ለባለ 42 መስመሩ መጽሐፍ ቅዱስ ወደ 290 የሚጠጉ የተለያዩ ምልክቶች ተጠቅሟል። ስለዚህ የፊደል ብዛት አንድ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ነገሩን ሁሉ ግን አይፈታውም ብለው ደመደሙ። ተማሪው አመስግኖ፣ 290 ከብዙ ሺህ ጋር ሲነጻጸር አሁንም ትንሽ መሆኑን ጠቆመ። ትክክል ነበር፤ እርሳቸውም አልካዱትም።

መልስ 3 ጥያቄዬን በሌላ መንገድ የተረዳው የሥነ ጥበብ ተማሪ ነው። የእንጨት ኅትመት ሞቷል ወይ ብዬ የጠየቅሁ መስሎት፣ እንዳልሞተና እርሱ ራሱ በየጊዜው እንደሚሠራበት በስሜት ጻፈ። ይሁን እንጂ ከአንባቢ ሁሉ በላይ የጠቀመን አንድ ነገር ነገረን። ጽሑፍ ያለበት ሥዕል ሲቀርጽ መሣሪያው አዳልጦት ከአንድ ቃል ውስጥ የአንዲት ፊደል እግር ተቆረጠበት። እንደገና ከመጀመር ይልቅ የተበላሸውን ቦታ አራት ማዕዘን አድርጎ ቆፍሮ፣ ልኩን የሆነ የእንጨት ውታፍ አስገብቶና በሙጫ አጣብቆ ፊደሏን በውታፉ ላይ ደግሞ ቀረጻት። ቢሆንም ውታፉ ከእርጥበት የተነሣ ትንሽ ስላበጠ በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ ዙሪያው ቀጭን ጥቁር መስመር ሆኖ ወጣ። ጠጋኟ ይህንኑ አይተው፣ የምሥራቅ እስያ ቀራጮችም ስሕተት የሚያርሙት በዚሁ በውታፍ ዘዴ እንደነበረ አረጋገጡለት። በነጠላ ፊደል ላይ የአንድ ቃል ስሕተት በወስፌ ተነቅሎ በሌላ ይተካል፤ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መጨመር ካስፈለገ ግን እንጨቱ ላይ ሰሌዳውን መጣል ነው፣ እርሳሱ ላይ ደግሞ መስመሮቹን መግፋት ነው።

መልስ 4 በቁጣ ገባ። ጸሐፊው ሁላችንንም ወቀሰ፤ የማይንትስን ስም ሳናነሣ ዓረፍተ ነገር መጨረስ አንችልም አለ። ቢ ሼንግ የተባለው ቻይናዊ በ1040ዎቹ ከሸክላ ነጠላ ፊደል መሥራቱን፣ በኮሪያም ጂክጂ የተባለው የቡድሃ እምነት መጽሐፍ በ1377 በብረት ፊደል መታተሙን፣ ይህም ከጉተንበርግ 70 ዓመት በላይ እንደሚቀድም አስታወሰ። የአውሮፓ ታሪክ እንደ ዓለም ታሪክ ተደርጎ ሲቀርብልን ዝም ብለን መቀበላችን ያሳፍራል እስከ ማለት ደርሷል። ቃሉ ከበድ ያለ ቢሆንም ያነሣው ሐቅ ሐቅ ነው፤ እኔም ቅድሚያው የማን እንደሆነ ማንም እንዳልካደ፣ ጥያቄው ግን ስለ ቀዳሚነት ሳይሆን ስለ ስርጭት ፍጥነት እንደሆነ መለስሁለት።

መልስ 5 የጠጋኟ ነው፤ ቁጣውን ትተው ሐቁን ያዙ። የቢ ሼንግን ሥራ የምናውቀው ሼን ኩዎ የተባለ የመንግሥት ሰው ስለጻፈው ነው። የሸክላ ፊደላቱ በእሳት ተጠብሰው የጥድ ሙጫ፣ ሰምና የወረቀት አመድ በተቀባ የብረት ሳህን ላይ ይደረደራሉ፤ ሳህኑ ሲሞቅ ሰሙ ይላላል፣ በጠፍጣፋ እንጨት ተጭነው ፊታቸው ይስተካከላል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራሉ። ሁለት ሳህን ስለነበረው አንዱ ሲታተም ሌላው ይደረደራል። ደጋግመው የሚመጡ ምልክቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው ከሃያ በላይ ቅጂ ነበራቸው። ሼን ኩዎ ከዚህ ሁሉ በኋላ የጨመረው አስተያየት ነው ጠጋኟን የማረካቸው፤ ሁለት ሦስት ቅጂ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ዘዴው አያመችም፣ በመቶና በሺህ ለሚቆጠር ቅጂ ግን እጅግ ፈጣን ነው ብሏል። ኮሪያ ውስጥ ግን ነገሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ሄደ። ፊደሉን የሚያፈስሰው በዋናነት ቤተ መንግሥቱ ነበረ፤ በዚያ ፊደል ብዙ ዓይነት መጻሕፍት በትንሽ በትንሽ ቅጂ ለሹማምንትና ለምሁራን ይታተማሉ። አንድ መጽሐፍ በብዛት ሲፈለግ ደግሞ ያንኑ የታተመ ገጽ እንጨት ላይ ለጥፈው ይቀርጹታል። ማለትም እዚያ ብዙ ቅጂ የማውጣቱ ኃላፊነት የወደቀው በእንጨቱ ላይ ነው።

ይህ መልስ ክሩን ለሁለት ከፈለው። አንዳንዶች ከሼን ኩዎ ጋር፣ አንዳንዶች ከኮሪያ ልምድ ጋር ቆሙ። ጥያቄዬን ወደ ትክክለኛው ቦታ ያመጣው ግን መልስ 6 ነው።

መልስ 6 የጻፈው አዲስ አበባ ውስጥ መጽሐፍ የሚያሳትምና የሚሸጥ ሰው ነው። ስለ ሥልጣኔ ሳይሆን ስለ ገንዘብ እናውራ ብሎ ተነሣ። የእንጨት ሰሌዳ አንዴ ከተቀረጸ ይቀመጣል። ባለቤቱ ዛሬ 30 ቅጂ ያወጣል፣ ገዢ ሲመጣ ከርሞ 50 ይጨምራል፣ ወረቀት የሚገዛውም በሚያስፈልገው ልክ ነው። ለዚህም በኮሪያ ሄይንሳ ገዳም ያለውን የቡድሃ እምነት ስብስብ ጠቀሰ፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተቀረጹት 81,258 ሰሌዳዎች እስከ ዛሬ በመደርደሪያቸው ላይ አሉ። እንጨት ይጠብቃል። ነጠላ ፊደል ግን መጠበቅ አይችልም። አታሚው ፊደሉ ውድ ስለሆነ ለጥቂት ገጾች የሚበቃ ብቻ ነው ያለው፤ አራት ገጽ ደርድሮ ካተመ በኋላ ፈትቶ፣ አጥቦ፣ እያንዳንዷን ፊደል ወደ ቤቷ መልሶ ለሚቀጥለው ገጽ ይጠቀምባታል። ስለዚህ የሚያስፈልገውን ቅጂ ሁሉ ያን ዕለት ማውጣት አለበት፤ ነገ መቶ ቅጂ ቢጎድለው ከዜሮ ይጀምራል። ወረቀቱንም በአንድ ጊዜ ይገዛል። የእንጨት አታሚ ገንዘቡ በሰሌዳው ውስጥ ሲታሰር የእርሳስ አታሚ ገንዘቡ ባልተሸጠ ወረቀት ውስጥ ይታሰራል።

ማስረጃውን ከሮም አመጣ። ስዌይንሃይምና ፓናርትዝ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን በ1460ዎቹ አጋማሽ ሱቢያኮ በሚገኝ ገዳም፣ ቀጥሎም በሮም ማተሚያ አቋቁመው የጥንት ደራስያንን በላቲን ያትሙ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ መጽሐፍ የሚያወጡት 275 ቅጂ ነው። በ1472 ለሮማው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ባቀረቡት አቤቱታ፣ ቤታቸው ባልተሸጡ ጥራዞች ተሞልቶ የሚበላ ነገር ግን እንደሌለበት ገልጸው ርዳታ ለመኑ። ፊደሉም መሣሪያውም ሳይበላሽ በእጃቸው ነበር፤ ያከሰራቸው በአንድ ከተማ ውስጥ ለአንድ ዓይነት አንባቢ ብዙ ማውጣታቸው ነው። አሳታሚው ፍጥነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው ይላል፤ ዕዳው የሚያስጨንቀው አታሚ ቅጂዎቹን ይዞ መቀመጥ ስለማይችል ወደ ሌላ ከተማ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ፍራንክፈርት ዐውደ ርእይ ይልካቸዋል። እውቀቱ የተስፋፋው አታሚው የግድ መሸጥ ስለነበረበት ነው።

እኔ በበኩሌ ከክሩ ሁሉ ይህን ከፍ አድርጌ አየዋለሁ። ጠጋኟም ደግፈውት፣ በ1454 ፍራንክፈርት ላይ የጉተንበርግን ቅጠሎች ያየው ኢጣሊያዊው ጸሐፊ ኤኔያ ሲልቪዮ ፒኮሎሚኒ መጽሐፉ ሳይጠናቀቅ ገዢዎች እንደተገኙለት መጻፉን ጨመሩ። ወደ 180 የሚጠጋው ቅጂ ቀድሞ ተሸጠ፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላ በሮም 275 ቅጂ ገዢ አጣ። ሁለቱም የነጠላ ፊደል ታሪክ ናቸው።

መልስ 7 አጭር ነበር፤ አንድ አንባቢ ምሳሌ ይሠራልን፣ ቀኑ ይቆጠርልን ብሎ ጠየቀ። መልስ 8 ላይ አሳታሚው ምሳሌውን ሠራ፤ የመረጠውም ማርቲን ሉተር በ1518 የጸደይ ወራት ስለ ሥርየት ሽያጭ በጀርመንኛ ያሳተማትን አጭር ስብከት ነው። ሙሉዋ ስምንት ገጽ ነች። ስምንት ገጽ ማለት ደግሞ አንድ ትልቅ ወረቀት በሁለቱም ወገን ታትሞ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ማለት ነው። ስለዚህ አታሚው ሁለት ጊዜ አራት አራት ገጽ ይደረድራል። በእርሱ ግምት ሁለት ለቃሚዎች ድርደራውንና እርማቱን በሁለት ቀን ይጨርሳሉ። ወረቀቱ ቀለሙን እንዲጠጣ ከመታተሙ በፊት ባለው ምሽት ይርሳል። በማግሥቱ አንዱ ሠራተኛ ጸጉር በተሞላ የቆዳ ኳስ ፊደሉን ዘይታማ ቀለም ይቀባል፣ ሌላው ወረቀቱን አልብሶ መጭመቂያውን ይስባል፤ በቀን አንድ ሺህ ያህል ወረቀት በአንድ ወገኑ ያልፋል። በአራተኛው ቀን ሌላው ወገን ይታተማል። ሳምንት ሳይሞላ አንድ ሺህ ቅጂ ተሰቅሎ ደርቆ ታጥፏል፣ ፊደሉም ለሌላ ሥራ ነጻ ወጥቷል።

ወሳኙ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ይመጣል። ከእነዚህ አንዷ ቅጂ በነጋዴ ከረጢት ላይፕዚግ ትገባለች። የላይፕዚግ አታሚ የራሱ ፊደል በሳጥኑ ውስጥ ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቀው ማንንም ሳያስፈቅድ በዚያው ሳምንት ይደረድራታል። ኑረምበርግ፣ አውግስቡርግና ባዝልም እንደዚሁ አደረጉ፤ ስብከቷ በዚያ ዓመት ብቻ ከአሥር ጊዜ በላይ እንደገና ታትማለች። ስብከቷ መጀመሪያ ከታተመችበት ከሉተር ከተማ ከዊተንበርግ የወጣው ሸክም አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ ሺሁ ቅጂ የተወለደው በደረሰበት ከተማ ነው።

መልስ 9 ይህን ሊቀበል አልቻለም፤ ቃሉም ሻካራ ነበር። አሳታሚው ኮሪያውያን የታተመን ገጽ እንጨት ላይ ለጥፈው እንደሚቀርጹ ከመልስ 5 አንብቦ እንደዘነጋው ገለጸ። አንዲት ቅጂ ከከተማ ከተማ ሄዳ እንደገና መቀረጽ ከቻለች ልዩነቱ የታለ? ሉተርን ያሰራጨው የሕዝቡ ቁጣና የመሳፍንቱ ጥበቃ እንጂ እርሳስ አይደለም፤ ርካሽ ወረቀት ባይኖር ኖሮ ደግሞ ሁለቱም ዋጋ አልነበራቸውም የሚል ነው ክርክሩ። ስለ ወረቀቱ ትክክል ነው። ለጉተንበርግ መጽሐፍ ቅዱስ ጥቂቱ ቅጂ በብራና የታተመ ሲሆን ለአንዱ ቅጂ ብቻ የስንት እንስሳ ቆዳ እንዳለቀ ማሰብ ይበቃል።

ስለ እንጨቱ ግን ጠጋኟ ጥሩ ልዩነት አሳዩ። ቀራጭ ለአዲስ ጽሑፍ ሁሉ አዲስ ጉልበት ያፈስሳል፤ ለነገዋ ስብከት የዛሬዋ ሰሌዳ አትጠቅምም። የፊደል ለቃሚ ዋና ድካም፣ ማለትም ፊደሉን መሥራት፣ ካለፈው ዓመት አልቋል። ለዚህ ነው ሳይቆይ የሚያረጅ ጽሑፍ፣ የዛሬ ክርክርና የነገ መልስ፣ ለእርሳሱ የሚስማማው፤ ለሃምሳ ዓመት የማይለወጥ መጽሐፍ ደግሞ ለእንጨቱ ይስማማል። መልስ 9 የጻፈው ሰው የሪቺን ምስክርነት አንሥቶ ቀራጩም የዚያን ያህል ፈጣን ነበር ብሎ ጸና። ሪቺ ያየው የተለመደና ርካሽ ሥራ ይሁን ምርጥ ቅርጽ እስካልታወቀ ድረስ በዚህ ላይ መስማማት አልተቻለም፤ ሁለቱም በያዙት ቀሩ።

መልስ 10 ወደ አገራችን አመጣን። ጸሐፊዋ አባታቸው በአንድ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ የነበሩ ሴት ናቸው። አባታቸው 231ዱን ፊደል፣ ዲቃሎቹን፣ ቁጥሮቹንና ነጥቦቹን ጨምሮ ከ250 በላይ ቤት ያለው ሳጥን ፊት ቆመው ሳያዩ በእጃቸው ይለቅሙ ነበር። ድርድሩን የሚያነቡት እንደ መስተዋት ተገልብጦ ነው፤ ካዕብና ሣልስ የሚለዩት በጎን በኩል በምትወጣ አንዲት ጭረት ቦታ ስለሆነ ከሁሉ የሚያደክማቸው ኑና ኒን፣ ሙና ሚን መለየት ነበር። ጸሐፊዋ ከዚህ ተነሥተው፣ የጉተንበርግ 290 ምልክት ከእኛ ሳጥን ጋር ተቀራራቢ ከሆነ በፊደላችን ብዛት የሚያመካኝ ሰው ምን ይላል ብለው መልስ 1ን ጠየቁ።

ጥያቄው መልስ 11ን ወለደ። አንድ አንባቢ ግእዝ በነጠላ ፊደል የታተመው ማይንትስ ላይ ኅትመት ከተጀመረ ገና በ60 ዓመት ገደማ እንደሆነ አስታወሰ፤ መዝሙረ ዳዊት በ1513 ሮም ላይ በጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን አማካኝነት ወጣ፤ ፖትከንም ግእዙን የተማረው ሮም ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነው። በ1548 እና በ1549 ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን በዚያው ከተማ የግእዙን ሐዲስ ኪዳን አሳተሙ። ስለ ስሕተቶቹ አንባቢን ይቅርታ ሲጠይቁ ያቀረቡት ምክንያት ልብ ይነካል፤ የሚደረድሩት ሠራተኞች ማንበብ አያውቁም፣ ማንበብ የሚያውቁት መነኮሳት ደግሞ መደርደር አያውቁም፤ ስለዚህ ዕውር ዕውርን እንደሚመራ ተረዳድተው እንደ ሠሩት ገለጹ። መልስ 10ን የጻፉት ሴት ይህን አይተው፣ አባታቸው ተገልብጦ ሲያዩት የሚያደክማቸውን ፊደል አንድ የሮም ሠራተኛ ድምፁን ሳያውቀው ሲለቅም ምን ያህል እንደተጨነቀ መገመት አያቅታቸውም።

ከዚህ በኋላ ክሩ መንገዱን ሳተ። መልስ 12 እና 13 ፊደላችን ይቀነስ አይቀነስ በሚለው የቆየ ክርክር ላይ ተጋጩ፤ አንዱ ሀ፣ ሐና ኀ ለአታሚ ሸክም ናቸው አለ፣ ሌላኛው ስለ አታሚ ምቾት ብሎ የቃል ሥር የሚቆርጥ ሰው ቋንቋውን አይወድም ብሎ ዘለፈው። ሁለቱንም ወደ ጉዳዩ እንዲመለሱ ለመንኋቸው፤ አንደኛው ተመለሰ።

መልስ 14 ከእስራኤል የጻፈ ሰው ነው፤ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ አንድ የታተመ የእስያ ቅጠል ገዝቶ በእንጨት ይሁን በነጠላ ፊደል መታተሙን እንዴት እንደሚያውቅ ጠየቀ። ጠጋኟ እንዲህ ሲሉ መከሩት። በመጀመሪያ አንድ ተደጋጋሚ ምልክት መርጦ በአጉሊ መነጽር ያነጻጽር፤ በእንጨት ላይ ሁለት ጊዜ የተቀረጸ ምልክት ፈጽሞ አንድ አይሆንም፣ በነጠላ ፊደል ግን ጠርዟ የተሰበረች ፊደል ያችኑ ስብራት ይዛ በሌላ ገጽ ላይ ብቅ ትላለች። እንጨት ሲሰነጠቅ ደግሞ ስንጥቁ በብዙ መስመሮች ላይ በቀጥታ ያልፋል፤ በነጠላ ፊደል እንዲህ ያለ መስመር አይፈጠርም። ከሁሉ የሚያረጋግጠው ግን ተዘቅዝቃ የታተመች ፊደል ማግኘት ነው፤ ቀራጭ አንዱን ምልክት ብቻ ገልብጦ ሊቀርጽ አይችልም፣ ለቃሚ ግን ይሳሳታል። ጂክጂ ውስጥም እንዲህ የተዘቀዘቁ ምልክቶች አሉ። ሰውየው ስንጥቅ የመሰለ ነገር እንዳየ ጽፎ፣ የወረቀት እጥፋት እንዳይሆን ሠግቶ ፎቶግራፍ ለማንሣት ቃል ገባ።

መልስ 15 ላይ ያ የተቆጣው የመልስ 4 ጸሐፊ በረጋ አነጋገር ተመለሰ፤ ያመጣውም ከሁላችን ጥያቄ የከበደውን ነው። የኮሪያው ንጉሥ ሴጆንግ በ1440ዎቹ 28 ፊደላት ብቻ ያሉትን ሃንጉልን አወጣ። በዚያው ዘመን አገሪቱ የብረት ፊደል ማፍሰስ ከማንም በላይ ታውቅ ነበር፤ በአዲሱ ፊደልም ወዲያው መጻሕፍት ታትመውበታል። ጥቂት ፊደልና ነጠላ ብረት በአንድ ቤት ውስጥ ከተገናኙ፣ በማይንትስ የሆነው በሴኡል ለምን አልሆነም?

ጠጋኟ ግማሹን መለሱ። ሃንጉል ሲጻፍ ፊደላቱ ተሰባስበው አንድ ክፍለ ቃል ስለሚሆኑ፣ አታሚው የሚያፈስሰው 28ቱን ሳይሆን እያንዳንዱን ክፍለ ቃል ነው፤ ሳጥኑ እንደገና በመቶዎች ይሞላል። አሳታሚው ሌላውን ግማሽ በራሱ መንገድ አየ፤ ፊደሉ የቤተ መንግሥት ስለነበረ ባልተሸጠ ቅጂ የሚከስር፣ በዕዳ ተገድዶም ገበያ የሚፈልግ ነጋዴ አልነበረበትም። የመልስ 4 ጸሐፊ በዚህ አልረካም። የሳጥኑ መሙላት ምክንያት ከሆነ 250 ቤት ያለው የእኛ ሳጥንና 290 ምልክት ያለው የጉተንበርግ ሳጥንም መሰናከል ነበረባቸው፤ ምክንያቱ ነጋዴው ከሆነ ደግሞ በእንጨት የሚያትሙ የቻይና ነጋዴዎች መጽሐፍ በገፍ ይሸጡ እንደነበር ማስረዳት አለባችሁ ብሎ ጻፈ። አሳታሚው የእንጨት ነጋዴ መጠበቅ ስለሚችል አይጣደፍም የሚለውን ነጥቡን ደገመ፤ ያኛው ደግሞ ገዢ ደጁ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ነጋዴ እንጨት ይሁን እርሳስ ምን ይለውጥለታል ሲል ጠየቀ። ክሩ አሁንም ክፍት ነው፤ የሚቀጥለው መልስ ቁጥር 16 ይሆናል።